«ሲፈላ አይቻለሁ» አይበቃም

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ማይክሮዌቭ እረፍት የለውም። እንግዳ ሲሸኝ በፕላስቲክ ዕቃ የተያዘለት ዶሮ ወጥ ሰኞ ወደ ሥራ ይሄዳል። በምሳ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ዳር ዳሩ ይንተከተካል፣ ማሽኑ ሲጮህ ወጥቶ ይበላል። «ሞቋል ወይ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ «ሲፈላ አይቻለሁ» ነው። ይህ መልስ የተሳሳተ ነው፤ ሰውም ያሳምማል።

የማይክሮዌቭ ሞገድ ወጥ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከገባ በኋላ አብዛኛው ጉልበቱ ያልቃል። መሃሉ የሚሞቀው ከዳሩ ቀስ እያለ በሚተላለፍ ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ሞገዱ ከሳጥኑ ግድግዳ እየተንጸባረቀ አንድ ቦታ ይበረታል፣ ሌላ ቦታ ይደክማል። የሚሽከረከረው ሳህን ችግሩን ያቃልላል እንጂ አያጠፋውም፤ የሳህኑ መሃል ቢዞርም ቦታውን አይለቅም። ወፍራም ቁሌት ደግሞ እንደ ሾርባ በራሱ አይገላበጥም። ዳሩ እየፈላ መሃሉ ፍሪጅ ውስጥ እንደነበረ ሊቀር ይችላል።

ሒሳቡን እንየው። ግማሽ ኪሎ ወጥ ከፍሪጅ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወጥቶ 74 ዲግሪ ለመድረስ ወደ 125 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። 74 ዲግሪ ማለት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለተረፈ ምግብ የሚያዘው 165 ፋራናይት ነው። ባለ 700 ዋት ማይክሮዌቭ በሁለት ደቂቃ ቢበዛ 84 ኪሎ ጁል ይሰጣል። ያ ሁሉ ወጡ ውስጥ ገብቶ እኩል ቢዳረስ እንኳ ምግቡ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ዳሩ ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ከተንተከተከ፣ ያን ሙቀት የወሰደው ከመሃሉ ድርሻ ነው። አፋችንን የሚያቃጥለው ዳር መሃሉ እንደሞቀ አያስረዳም፤ እንዲያውም ሙቀቱ እንዳልተዳረሰ ይናገራል።

ኋይት ኦክ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ያውቃል። ለምግብ ቤቶች ባወጣው የምግብ ደንብ፣ በማይክሮዌቭ ሞቆ በሙቀት የሚቆይ ምግብ ሁሉም ክፍሉ 74 ዲግሪ መድረስ፣ መማሰል ወይም መዞር፣ መከደንና ከወጣም በኋላ እንደተከደነ 2 ደቂቃ መቆየት አለበት። ብዙዎቻችን እንደ ባከነ ጊዜ የምናየው ያ ሁለት ደቂቃ ሥራ ላይ ነው፦ የዳሩ ሙቀት ወደ መሃል ይገባል፣ ክዳኑ የያዘው እንፋሎትም ላይኛውን ያሞቃል። ግን ያለ ማማሰል ሁለት ደቂቃ ጥልቅ ዕቃን አያዳርስም። ስለዚህ ወጡን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ዘርግቶ መክደን፣ አጋማሽ ላይ አውጥቶ ዳሩን ወደ መሃል፣ መሃሉን ወደ ዳር ማማሰል፣ ብልቱን ማገላበጥ፣ መልሶ ማሞቅ፣ ከዚያ ማቆየት ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው የብልቱን ወፍራም ሥጋ፣ አጥንቱን ሳይነካ፣ ይለካ። እንቁላሉን ግን አስቀድሞ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል፤ ድፍን ቅቅል እንቁላል ውስጡ ከልክ በላይ ሞቆ ሲነከስ ሊፈነዳ ይችላል።

«ስንት ዓመት እንዲህ በልተናል፣ ምን ሆንን?» የሚሉ አሉ። በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ ብሎ በሚበርድ ወጥ ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ይባላል። ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ ወጡ ለብ ሲል ነቅቶ ይባዛል። ሕመሙ ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ በቁርጠትና በተቅማጥ ይመጣና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይሄዳል። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ሆዱን የቆረጠው ሰው ቅቤውን ወይም በርበሬውን ይከሳል፤ ትናንት ምሳ ላይ ያልሞቀውን የዶሮ ጭን ማን ያስታውሳል? ምንም እንዳልሆንን እርግጠኛ የሆንነው ስላልቆጠርነው ነው።

በረዶ የሆነ ወጥ ከዚህ ይብሳል። በረዶ ሞገዱን እንደ ውሃ አይቀበልም፤ ቀድሞ የቀለጠው ዳር ጉልበቱን እየወሰደ ይፈላል፣ መሃሉ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ ማቅለጥ ወይም ማሽኑን ማቅለጫው ላይ አድርጎ እየሰባበሩ ማማሰል ይሻላል።

ሌሊቱን ምድጃ ላይ ያደረ ድስት ግን የማማሰል ጉዳይ አይደለም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ አንዴ መርዙን ከተወ መርዙ በማፍላት አይጠፋም። ያን ወጥ፣ የቱንም ያህል ቅቤ ቢፈስበት፣ መድፋት ነው።