አራት ለባዶ እንዴት ይጻፋል?

በስፖርት ጽሑፋችን ላይ አንድ ክፉ ልማድ ሥር ሰዷል። ቡድናችን ሲያሸንፍ ጸሐፊው ሁሉ አዝማሪ፣ ሲሸነፍ ደግሞ ጸሐፊው ሁሉ ቀልደኛ ይሆናል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በሰፊ ውጤት የተረታን ቡድን መዘርጠጥ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እኔ ግን ፌዝ ድፍረት አይደለም ባይ ነኝ። ፌዝ ስንፍና ነው። ምክንያቱም ጸሐፊው ጨዋታውን ከመመርመር የሚያመልጥበት አቋራጭ መንገድ ነው።

ለዚህ ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ የሆነውን ላንሣ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ብሔራዊ ቡድናችን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ፌዘኛው ይህን ውጤት ይዞ «ኳስ የት ያውቁና!» ይላል። አጽናኙ ደግሞ ሜዳው አሸዋማ ነበር ብሎ ይከራከራል። እርግጥ ነው፣ ሜዳው መጥፎ ነበር። ነገር ግን ቡርኪናዎቹም የሮጡት በዚያው አሸዋ ላይ ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ግቦቹ በየትኛው ደቂቃና በምን ሁኔታ እንደተቆጠሩ አልጠየቁም።

እስኪ እንጠይቅ። በመጀመሪያው አጋማሽ አላን ትራኦሬ አንድ አገባ። 60ኛው ደቂቃ ገደማ የቡርኪናው ግብ ጠባቂ ከክልሉ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። እንግዲህ ዋልያዎቹ ግማሽ ሰዓት ያህል እየቀራቸው፣ በአንድ ግብ ብቻ ተመርተው፣ በአንድ ሰው በልጠው ነበር ማለት ነው። ቀሪዎቹ ሦስት ግቦች የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በ74ኛው ደቂቃ ራሱ ትራኦሬ፣ በ79ኛው ኮኔ፣ በጭማሪው ሰዓት ፒትሮይፓ። መራራው እውነት ይህ ነው። ከየትኛውም ስድብ ይልቅ ያማል፤ ግን ማንንም አይሰድብም።

ይህ እውነት ከአራት ቀን በፊት ከሆነው ጋር ሲተያይ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ጥር 13 ቀን በዚያው ሜዳ ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት አምክኖ፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በ10 ሰው ቀርተን ነበር። አንድ ግብ ተቆጠረብን። ሆኖም በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አቻ አደረገንና 1 ለ 1 ወጣን። በ10 ሰው ከሻምፒዮን ጋር እኩል የወጣ ቡድን፣ 10 ሰው በቀረው ቡድን ላይ 11 ሆኖ እንዴት ሦስት ግብ ይገባበታል?

መልሱ «ችሎታ የላቸውም» ሊሆን አይችልም፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾች ያው ናቸውና። ሰው የጎደለበት ቡድን ወደ ኋላ ተሰብስቦ መስመሩን ያጠባል። የበለጠው ወገን አቻ ለመሆን ሲቸኩል ተከላካዮቹን ወደ ፊት ይገፋል፤ ከኋላቸው ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። እንደ ፒትሮይፓ ላለ ፈጣን ሯጭ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ስለዚህ ሐቀኛው ወቀሳ የሚያነጣጥረው በውሳኔ ላይ ነው፦ መቼ መግፋት፣ ስንት ሰው ከኋላ መተው፣ ሁለተኛው ግብ ሲገባ ማን ቡድኑን ማረጋጋት ነበረበት? አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው በዚህ ቢጠየቁ ተገቢ ነው። በተጫዋች ቁመት፣ በመልኩ ወይም በትውልድ መንደሩ ማላገጥ ግን ጥያቄ አይደለም።

ቡርኪና ፋሶ በዚያው ውድድር እስከ ፍጻሜው ደርሳ በናይጄሪያ 1 ለ 0 ብቻ ተሸንፋለች። ይህም መጻፍ አለበት፤ ነገር ግን ሰበብ ሆኖ ሳይሆን መለኪያ ሆኖ። ተጋጣሚው ጠንካራ መሆኑ የእኛን ስሕተት አይሰርዝም። የእኛ ስሕተትም የተጋጣሚውን ጥንካሬ አይሸፍንም።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ «አክብሮት ያልከው ማለባበስ ነው» ይሉኛል። አይደለም። ከላይ ከጻፍኩት ውስጥ የለዘበ ነገር ካለ ያሳዩኝ። የሚያለባብሰውስ ፌዘኛው ነው፤ አንባቢው ስቆ ሲጨርስ ቡድኑ ለምን እንደተሸነፈ የሚያውቀው ነገር የለምና። መፈተኛው ቀላል ነው። ከጽሑፉ ላይ ቀልዱን ሰርዙት። የሚቀር ነገር ካለ ጽሑፍ ነው። ከዚያም ያ ግብ ሲገባ ሜዳ ላይ የነበረው ተከላካይ እያነበበው ነው ብላችሁ አስቡ። ቢያመውም «አዎ፣ የሆነው ይህ ነው» ሊል የሚችል ከሆነ አትሙት።