«አክስት ትቀድማለች» ያለው ማነው?

የአጎቴ ልጅ የሕግ ተማሪ ናት። ሰሞኑን «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለ? እስቲ ይቺን አሳጥሪልኝ» ብላ የሰበር ውሳኔ ስካን ላከችልኝ። ገጹ ተንጋዷል፣ ማኅተሙ ፊደል ላይ ተቀምጧል፣ የዳሩ ፊደላት ተቆርጠዋል። ከሱ ጋር ፎቶኮፒ ቤት የሚሸጠውን የፈተና ማስታወሻም አያይዛለች። ስለ መዝገቡ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ሰ/መ/ቁ. 23632፦ ከአባት አክስት ትቀድማለች።»

ጎበዝ፣ ይህን ማሳጠር ነው የሚለኝ ካለ እንጣላለን።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት መጥቶ ሞግዚትና አሳዳሪ ልሁን አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች በወቅቱ የነበረውን የደቡብ ክልል የቤተሰብ ሕግ ይዘው «አንዱ ወላጅ ሲሞት ሞግዚቱ ሌላው ወላጅ ነው» ብለው ለአባት ወሰኑ። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. ውሳኔያቸውን ሻረ። ቅጽ 5 ላይ ታትሟል።

አሁን ወደ ማሳጠሩ። አራት ነገር ይፈለጋል፦ ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ ውሳኔ፣ ምክንያት። ቀላል የሚመስለው ፍሬ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚያው ነው። የፍርድ ቤት ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይጓዛል፣ ማሰሪያ አንቀጹ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ገጽ 2 ግርጌ ላይ «አባትየው ልጁን አሳድጎ አያውቅም» የሚል ታነቢያለሽ እንበል። ደስ ብሎሽ ፍሬ ነገር ብለሽ ትጽፊዋለሽ። ገጹን ስትገልጪ «በማለት ተከራክራለች» ይላል! ጋዜጠኛ ምንጩን ሳይጠቅስ ቢጽፍ አለቃው ይጮህበታል፤ የሕግ ተማሪ ሲያደርገው ግን ነጥብ ያገኛል። እኔ የማደርገው ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ መጀመር ነው። «በማለት» ካለ ክርክር ነው፣ «መሆኑ ተረጋግጧል» ካለ ፍሬ ነገር ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ስለሆነ፣ ፍሬ ነገሩ የሥር ፍርድ ቤቶች አረጋግጠው የጨረሱት ነው።

ስካኑ የራሱ ተንኮል አለው። አማርኛ አሉታውን የሚይዘው በአንድ ሁለት ፊደል ነው። «የሚገባ» እና «የማይገባ» መካከል ያለችውን ፊደል ማኅተም ከዋጣት ፍርዱ ተገለበጠ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ እከፍታለሁ። «ተሽሯል» ነው «ጸንቷል»? ከዚያ የደበዘዘውን ቃል ከሱ ጋር አስተያያለሁ። የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ከተሻረ በኋላ ችሎቱ «የሥር ፍርድ ቤት አልተሳሳተም» ብሎ ሲያትት ካየሽ፣ ያነበብሽው የችሎቱን ቃል ሳይሆን የተጠሪን መልስ ሊሆን ይችላል። ካልሆነም ፊደል አምልጦሻል።

ጭብጡን ማስታወሻው «ሞግዚት አባት ነው አክስት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የሰፈር ሽማግሌ ጥያቄ ነው። ችሎቱ ፊት የነበረው ሌላ ነው፦ የቤተሰብ ሕጉ ሞግዚትነትን ለቀሪው ወላጅ ሲሰጥ፣ ፍርድ ቤት የልጁን ደህንነት ሳይመረምር እንዲሁ ሊፈጽመው ይችላል? መልሱ አይችልም ነው። ምክንያቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 የሕፃኑን ጥቅም ያስቀድማሉ፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ስምምነትም በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ይህን ምክንያት ነው ማስታወሻው የጣለው። ተናድጃለሁ፣ ይቅርታ። ውሳኔው፣ ማለትም ልጁ ለማን ይሁን የሚለው፣ የሚያስረው እነዚያን ሁለት ተከራካሪዎች ነው። ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ 454 ጀምሮ፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ 1234/2013፣ ሌሎች ፍርድ ቤቶችን የሚያስረው የሕግ ትርጉሙ ነው። ትርጉሙ የሚገኘው ደግሞ በምክንያቱ ውስጥ ነው። ማስታወሻው የሁለት ሰዎችን ውጤት ወስዶ ለአገር ሁሉ ሕግ አደረገው።

ለአጎቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ሰጠኋት። አባት ልጁን አሥር ዓመት አሳድጓል፣ እናት ሞተች፣ ልጁን አይታው የማታውቅ አክስት ሞግዚት ልሁን ብላ ከሰሰች። በማስታወሻው ከሄድሽ ልጁን ለማን ትሰጪዋለሽ?

«ለአክስት» አለች። ከዚያ ዝም አለች።

የእኔ ማሳጠሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ወጣው። «ረዘመ» ብላኛለች። ማስታወሻውንም አልጣለችውም፣ የተከፈለበት ነው።