ሙግት፦ ቦርጩ ሲሄድ ጡንቻው የት ይቀራል?

ጡረተኛው፣ ከኮምቦልቻ

ልጄ፣ ሽማግሌ ብረት ያንሳ ማለታችሁ አይገባኝም። ስኳር አለብህ ከተባልኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሐረጎ ዳገት በእግሬ እወጣለሁ፤ እራትም ትቻለሁ። 8 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ሱሪዬ ያለ ቀበቶ አይቆምም። ሐኪሜ ደስ ብሎታል። ሥጋና እንቁላሉስ በጡረታ ደመወዝ ይደፈራል? ያውም በጾም! ደረት ማሳበጥ ለጎረምሳ ይሁን።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ከደሴ

ጋሼ፣ ደረት ያሳብጡ ያለዎት የለም። 8ቱ ኪሎ ስብ ይሁን ጡንቻ ሚዛኑ አይነግርዎትም። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 160 ወፍራም ሰዎች ተከታትሏል። ምግብ ቀንሰው በእግር መሄድን የመሰለ እንቅስቃሴ የሠሩትም፣ ክብደት ያነሡትም ከኪሏቸው 9 በመቶ ገደማ ጣሉ። ከስብ ውጭ ካለው አካላቸው ግን የመጀመሪያዎቹ 5 በመቶ ሲያጡ፣ ክብደት ያነሡት 2 ብቻ አጡ። የዳሌ አጥንታቸውም የተሻለ ተጠብቋል።

እስቲ ክንድዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሡና ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ ካለፈ ጉልበትዎ ተመናምኗል ማለት ነው።

ጡረተኛው

ሞከርኩት። ሦስተኛው ላይ እጄ ሳላስበው ወንበሩን ያዘ። ቁርጥማቴ ነው እላለሁ፤ አንቺ ሌላ ትያለሽ። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ፦ ጎረቤቴ ኩላሊቱ ተጎድቶ ፕሮቲን ቀንስ ተብሏል። እኔን ጨምር ትይኛለሽ?

ባለሙያዋ

እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ስኳር ኩላሊትን ይጎዳል፤ መጀመሪያ ይመርመሩ። ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ ግን በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያስፈልግዎታል፤ 70 ኪሎ ከሆኑ በቀን ከ70 እስከ 84 ግራም መሆኑ ነው። እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ ይሰጣል። በጾም 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 24 ይሰጣል፤ ሽሮውና ባቄላው ይታከልበታል። በጾም እራትም ከተዉ፣ በቀን አንዴ ብቻ እየበሉ መሙላቱ እንደሚከብድ አልክድም። ለዚህ ነው እራት መተውዎን የማልወደው።

ብረትም አይግዙ። 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን 5 ኪሎ ነው። ደረትዎ ላይ አቅፈው ከወንበር ቀስ ብለው ይነሡ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ትንፋሽ አይያዙ፣ ግፊትን ያንራል። 12ቱ ሲቀልልዎ ጀሪካኑን ያተልቁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልከበዱዎት ጡንቻው በደንብ አልሠራም። ጉልበትዎን ከጠዘጠዘዎት ከፍ ባለ ወንበር ይጀምሩ።

ጡረተኛው

ጀሪካኑን እሞክራለሁ። ዳገቴን ግን አልተውም።

ባለሙያዋ

አይተዉት! ዳገቱ ለልብና ለስኳርዎ ይጠቅማል። እራቱን ከመመለስዎ በፊት ግን ከሐኪምዎ ጋር ስለ መድኃኒትዎ ይነጋገሩ፤ የኩላሊት ምርመራውንም በዚያው ያሠሩ።