አምስት ሳንቲም ስትጨመርና ስትቀነስ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር አበሻ ይህችን አምስት ሳንቲም በደንብ ያውቃታል። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ሲልቨር ስፕሪንግ አስቤዛውን ገዝቶ ሊከፍል ሲቆም ካሸሯ ፌስታል ይፈልግ እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። እፈልጋለሁ ካለ ለእያንዳንዱ ፌስታል 5 ሳንቲም ሒሳቡ ላይ ይታከል ነበር። ክፍያው በዲሲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በ2012 ተጀመረ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን በአካባቢው አንዳንድ ሱቆች ለፌስታል አምስት ሳንቲም መድበው ነበር። የእነሱ ግን በተቃራኒው ነበር፤ የራሱን መያዣ ይዞ ለመጣ ደንበኛ ከሒሳቡ 5 ሳንቲም ይቀንሱለት ነበር። ታቲያና ሆሞኖፍ የተባለች የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ሁለቱን አሠራሮች አነጻጽራ ውጤቱን በ2018 አሳተመች። ክፍያው ከመጣ በኋላ ፌስታል የሚጠቀመው ሰው ድርሻ ከአርባ በመቶኛ ነጥብ በላይ ወረደ። ቅናሹ ግን ምንም አላመጣም ማለት ይቻላል።

ሒሳቡን እንሥራው። አስቤዛው 20 ዶላር ነው እንበል። ቅናሽ በሚሰጠው ሱቅ መያዣ ያመጣ ሰው 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ይከፍላል፤ ያላመጣው 20 ዶላር። ክፍያ ባለበት ሱቅ ያመጣው 20 ዶላር፣ ያላመጣውና አንድ ፌስታል የወሰደው 20 ዶላር ከ5 ሳንቲም። በሁለቱም ቦታ መያዣ ማምጣት የሚያተርፈው ያችኑ አምስት ሳንቲም ነው። እንዲያውም የመጀመሪያው ሱቅ ባለቤት የአስቤዛውን ዋጋ በአምስት ሳንቲም ከፍ ቢያደርገው ሁለቱ ሱቆች እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም አንድ ይሆናሉ። የሚለያዩት «ትክክለኛው ዋጋ» ተብሎ በተቀመጠው ቁጥር ብቻ ነው። ገዢው ከዚያ ቁጥር በታች የቀረለትን እንደ ትርፍ፣ ከዚያ በላይ የተጠየቀውን እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ሰው የሚመዝነው የመጨረሻውን ሀብቱን ሳይሆን ከአንድ መነሻ ነጥብ ያለውን ርቀት ነው፤ ከመነሻው ወደ ታች መውረድ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ያንገበግባል። በ1992 ባወጡት ግምት የኪሳራው ክብደት ከትርፉ ሁለት እጥፍ ትንሽ ያልፋል።

ይህን ከምሁራኑ እኩል የተረዱት ነጋዴዎች ናቸው። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በክሬዲት ካርድ የሚከፍልና በጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ደንበኛ የተለያየ ዋጋ ሊጠየቅ ነው ሲባል፣ የካርድ ኩባንያዎቹ ወትዋቾች ልዩነቱን ማስቀረት ባይችሉ እንኳ በስሙ ላይ ሙጭጭ አሉ። በካርድ ለሚከፍለው «ጭማሪ» አይባል፤ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው «ቅናሽ» ይባል አሉ። ሪቻርድ ታለር በ1980 ጽሑፉ ይህን አንስቶታል። ካርድ የያዘው ሰው ቅናሽ ቢያልፈው ብዙም አይከነክነውም፤ ጭማሪ ከተባለ ግን ካርዱን ወደ ኪሱ ይመልሳል። እኔ በበኩሌ ለዚህ ጉዳይ ከየትኛውም የቤተ ሙከራ ጥያቄ ይልቅ የእነዚህን ሰዎች ምስክርነት አምናለሁ፤ የራሳቸው ገንዘብ ነበረበትና።

ፌስታሉ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ክፍያው ብቻውን አልመጣም። የሕግ ክብደት ነበረው፤ ዲሲ ውስጥ ገንዘቡ ለአናኮስቲያ ወንዝ ማጽጃ እንደሚውል ተነግሯል። ከዚህም በላይ ቀድሞ ሳይጠየቅ የሚታደለው ፌስታል አሁን ሰው እያየ የሚጠየቅ ነገር ሆነ፤ ከኋላ ሰልፍ ቆሞ «አዎ፣ ስጪኝ» ማለት ራሱ አንድ ዋጋ አለው። ስለዚህ የአርባው ነጥብ ለውጥ በሙሉ ኪሳራን ከመጥላት መጣ ማለት አይቻልም። ዴቪድ ጋልና ዴሪክ ረከር የተባሉ ተመራማሪዎችም በ2018፣ ኪሳራ ከትርፍ ይከብዳል የሚለው አባባል ሁልጊዜና ለሁሉም እንደሚሠራ ሕግ መወሰዱን ተቃውመዋል። ተቃውሟቸው ቢያከራክርም፣ ሁለት እጥፍ የሚለውን ቁጥር በየቦታው እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚያስቀምጡ ሰዎችን ሊያስቆም ይገባል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መነሻውን ማን ያስቀምጠዋል የሚለው ነው። አንድ ትምህርት ቤት ክፍያው 10,000 ብር ነው፣ ቀድሞ ለከፈለ 500 ይቀነሳል ሊል ይችላል። ወይም ክፍያው 9,500 ነው፣ ለዘገየ 500 ቅጣት አለው ይላል። ለወላጅ ኪስ ሁለቱ አንድ ናቸው። በመጀመሪያው ግን ዘግይቶ የከፈለው አባት ቅናሽ አመለጠኝ ብሎ ያልፈዋል፤ በሁለተኛው ተቀጣሁ ብሎ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ይሄዳል። ቶሎ መሰብሰብ የፈለገ ቅጣቱን ይመርጣል፤ ሙሉውን 10,000 ካለ ጭቅጭቅ ማስከፈል የፈለገ ደግሞ ቅናሹን። ማስታወቂያው እጃችን ሲገባ ቁጥሮቹን ገልብጦ በሌላው መልክ መጻፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ የትኛውን እንደፈለጉም ያኔ ይታያል።