ሁለቱ ቁልፎች

አንድ የምናውቃቸው አባት አዲስ ራውተር ገዝተው በመጡ ጊዜ አሠራሩን ያስተማረቻቸው ሴት ልጃቸው ናት። እርስዋም መሣሪያውን በእጅዋ ሳትነካ፣ «አባባ፣ አስቀድመው ከሥሩ የተለጠፈውን ያንብቡ» አለቻቸው። በዚያም የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ ደግሞም 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ተጽፎ ነበር። ስልካቸውን ከዋይፋዩ አገናኝተው አድራሻውን በማሰሻው ላይ ቢጽፉ የመሣሪያው ገጽ ተከፈተ። የዋይፋዩን ቃል ለውጠው እንዳስቀመጡ ግን ግንኙነቱ ተቋረጠ። «አበላሸሁት መሰለኝ» ቢሉ፣ «አልተበላሸም፤ ስልክዎ የያዘው አሮጌውን ቃል ነው፤ አዲሱን ይስጡት» አለች። እንዳለችውም ሆነ።

ሥራው ያለቀ መስሏቸው ሊነሡ ሲሉ፣ «አንድ ቁልፍ ቀርቶናል» አለቻቸው። የመሣሪያውን ገጽ የሚከፍተው ቃል ገና admin ነበርና። ይህ ሳይለወጥ ቢቀር፣ ዋይፋዩን የተሰጠው እንግዳ ሁሉ ገብቶ ባለቤቱን እንኳ ሊዘጋበት ይችላል። አባትየውም ሁለተኛውን ለውጠው ሁለቱን በደብተር ጻፉ።

ቃሉ ቢረሳ በጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰኮንድ ያህል መጫን መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሰዋል። ነገር ግን የተዘጋጀው ሁሉ ይደመሰሳልና፣ አገልግሎት ሰጪው የሰጣችሁ ስምና ቃል ካለ እርሱንም በዚያው ደብተር እንድታሰፍሩ እናሳስባለን።