ለሠራተኞች በሙሉ፦ ስለደረሰው አደጋ

አንድ ወዳጄ በሚሠራበት ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ውስጥ አደጋ ደርሶ፣ በሰሌዳ ሊለጠፍ የተዘጋጀውን ማስታወሻ አሳየኝ። ማንነትን የሚጠቁመውን ቀይሬ ላስነብባችሁ፦ «ሰኞ ማታ በማሸጊያ ክፍል ትሠራ የነበረች፣ ከተቀጠረች ሦስት ወር የሆናት ሠራተኛችን በጥንቃቄ ጉድለት ሁለት ጣቶቿ ላይ ከባድ ጉዳት ስለደረሰባት፣ ሁላችሁም ተጠንቅቃችሁ እንድትሠሩ እናሳስባለን።»

ስሟ የለም። ግን የሰኞ ማታ ፈረቃ፣ የማሸጊያ ክፍል፣ ሴት፣ አዲስ ተቀጣሪ ከተባለ ከአንድ ሰው በላይ አይቀርም። ጉዳቷም ጥፋቷም ተነግሯል። ስለ ማሽኑ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ ለሚቆመው ሠራተኛ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ካርቶን ሲወተፍ ሴንሰሩ ያየውና ማሽኑን ያቆመዋል። ቆመ እንጂ አልጠፋም፤ ኃይሉ እንዳለ ነው። ካርቶኑ ሲነሳ ሴንሰሩ መንገዱ ክፍት ሆነ ብሎ ቀበቶውን በራሱ ያስነሳዋል። ያን ጊዜ ካርቶኑን ያነሳው እጅ ገና ከሮለሩ አጠገብ ነው። የሮለሩ የብረት ሽፋን ደግሞ ለጽዳት ተፈትቶ አልተመለሰም ነበር። የተወተፈውን በእጅ ማንሳት የሁሉም ፈረቃ ልማድ ስለነበረ፣ ነገሩ የአንድ ሰው የጥንቃቄ ጉድለት አልነበረም። አደጋው በዚያ ሌሊት በማንም ላይ ሊደርስ ይችል ነበር።

እንዲህ ያለ ማስታወሻ ስጽፍ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ይህ ከጽሑፉ ቢወጣ ቀጣዩ ሠራተኛ ለአደጋ ይበልጥ ይጋለጣል? ሽፋኑ አለመኖሩ ቢወጣ ይጋለጣል፤ ይቆይ። የሠራተኛዋ የሥራ ዘመን፣ የተጎዳው አካል፣ የሄደችበት ሆስፒታል ቢወጣ ማንም አይጎዳም፤ ይውጣ። ቀኑም «በዚህ ሳምንት» ቢባል ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ስምና ዝርዝሩ የሚሰፍረው በዚያ መዝገብ ነው እንጂ በሰሌዳው ላይ አይደለም።

በአማርኛ ሲጻፍ ግሡ ራሱ ያጋልጣል። «ደረሰባት» ካልን ከወንዶች መካከል ያለችው አንዲት ሴት ታወቀች። ስለዚህ በአክብሮት «አንድ ባልደረባችን ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ሕክምና እየተከታተሉ ነው» ብሎ መጻፉ ይሻላል፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤም እንግዳ አይደለም፣ ጾታውንም አይናገርም። «አደጋ ደረሰ» ብቻ ብሎ ሰውን ጨርሶ መተው ግን አልወድም። ሰው መጎዳቱ መነገር አለበት።

ቀሪው ማስታወሻ ስለሚለወጠው ነገር ነው። ወዳጄ በመጨረሻ የጻፈው ይህን ነበር፦ «ከዛሬ ጀምሮ የተወተፈ ነገር የሚነሳው ዋናው ማጥፊያ ከጠፋ በኋላ ነው። የሚያነሳው ሠራተኛ ማጥፊያውን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን በኪሱ ይይዛል፤ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ይከፍታል። ከቆለፈ በኋላም የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማሽኑ አለመነሳቱን ሳያረጋግጥ እጁን አያስገባም። ሽፋን የሌለው መስመር አይሠራም። ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ፣ በሰው እጅ ብቻ እንዲነሳ የጥገና ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ያስተካክለዋል። በዚህ ምክንያት ለሚዘገይ ምርት ማንም አይጠየቅም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለማስገባት ከምርት ኃላፊው ጋር ረጅም ክርክር እንደነበረ ነግሮኛል። ያለ እሷ ሌላው ሁሉ ወረቀት ላይ በቀረ ነበር፤ ኮታው እየጠበቀው ጓጉንቸር ፍለጋ የሚሄድ ሠራተኛ የለምና።

ማስታወሻው ከመለጠፉ በፊት መጀመሪያ ያነበቡት ተጎጂዋና ቤተሰቧ ናቸው። ይህ ግዴታ መሆን አለበት፤ የተለጠፈ ወረቀት በስልክ ተነስቶ በዚያው ምሽት ቴሌግራም ላይ ይደርሳልና። በየፈረቃው መግቢያም ለማያነቡት ጭምር ጮክ ተብሎ ተነቧል፤ አንባቢው ኃላፊ ከተጻፈው ውጭ አንዲት ቃል እንዳይጨምር ተነግሮት ነበር። «ማን ናት?» የሚል ሲመጣ መልሱ አንድ ነው፦ «ስለ ሰው አንናገርም፤ ስለ ማሽኑ ጠይቁኝ።» በክፍሉ ያሉት ማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ያንን ማስታወሻው ሊደብቀው አይችልም። ድርጅቱ ግን በማኅተሙ አላረጋገጠውም።

በወሩ መጨረሻ ሁለተኛ ማስታወሻ ወጣ። የአንዱ መስመር ሥራ አልቋል፤ የሌላው ዕቃ ስላልደረሰ ዘግይቷል፣ እስኪስተካከል መስመሩ ቆሞ ይቆያል ይላል።