የድመት ግልገል ክትባት ስለ ምን ተደጋግሞ ይሰጣል

በቤቷ ድመት የምታሳድግ እመቤት ግልገሏን ወደ እንስሳት ሐኪም ይዛ በሄደች ጊዜ፣ «ዛሬ ከተከተበች ዘንድ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንድመለስ የምታዘዘው ስለ ምንድር ነው?» ብላ መጠየቋ የተለመደ ነው። አንዳንዶችም ሐኪሙ ገንዘብ ፈልጎ የሚያመላልሳቸው እየመሰላቸው በመጀመሪያው መርፌ ብቻ ይቀራሉ። የዚህ ነገር ምክንያት ሳይታወቅ በመቅረቱ ብዙ ግልገሎች ስለሚሞቱ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንገልጻለን።

አስቀድሞ ክትባቱ የሚከላከላቸውን በሽታዎች ማወቅ ያስፈልጋል። ለድመት ሁሉ የሚገባው ክትባት በአንድ መርፌ ሦስት በሽታዎችን የሚከላከል ነው። የመጀመሪያው ፓንሊውኮፔኒያ የሚባለው ነው፤ ይህም አንጀትንና የደምን ነጭ ሕዋሳት የሚያጠፋ፣ ግልገልን በጥቂት ቀን ውስጥ የሚገድል ብርቱ በሽታ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሄርፒስ ቫይረስና ካሊሲቫይረስ ናቸው፤ እነዚህም ዓይንን፣ አፍንጫንና አፍን የሚያሳምሙ የጉንፋን ዓይነት በሽታዎች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ሁሉ፣ እንደ አገራችንም ባለው፣ የዚህ በሽታ ክትባት በአራተኛነት ይጨመራል። የድመት ሉኪሚያ የሚባለው በሽታ በሚበዛበት ስፍራ ደግሞ ሐኪሙ የእርሱን ክትባት ለግልገሎች ያዝዛል።

እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ ግልገሉን በ8ኛው ሳምንት አስከትቦ፣ ሥራው ተፈጽሟል ብሎ ተቀመጠ እንበል። በ11ኛው ሳምንት ግልገሏ መብል ትተዋለች፤ አረፋ የተቀላቀለበት ቢጫ ነገር ታስመልሳለች፤ ከውሃው ሳሕን አጠገብ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ አትጠጣም። ተቅማጥም ይከተላል፤ ከዚያም ትሞታለች። ቤተ ሰቡም «ክትባቱ ከንቱ ነው» ይላል። ዳሩ ግን ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ቀን ክትባቱን እንዳይሠራ የከለከለው እናቲቱ ለልጇ የሰጠቻት ስጦታ ሊሆን ይችላልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግልገል በተወለደች በመጀመሪያው ቀን ከእናቷ ጡት እንገር ትጠጣለች። በእንገሩ ውስጥ እናቲቱ ከታመመችበት ወይም ከተከተበችበት ጊዜ ጀምሮ ያጠራቀመችው፣ ሐኪሞች አንቲቦዲ የሚሉት የመከላከያ ኃይል አለ። ይህም ኃይል በአንጀቷ አልፎ ወደ ደሟ ይገባል፤ አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ግን አንጀቷ ይዘጋና ከዚያ ወዲያ የሚገባ የለም። በዚህም ኃይል ግልገሏ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትጠበቃለች። ነገር ግን ኃይሉ የእናቷ እንጂ የራሷ አይደለምና፣ በየ10 ቀኑ ያህል በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ኃይሉ ገና ብርቱ ሳለ ክትባት ቢሰጣት፣ የእናቲቱ አንቲቦዲ ክትባቱን እንደ እውነተኛ በሽታ ቆጥሮ ያጠፋዋል፤ የግልገሏም ሰውነት ምንም ሳይማር ይቀራል።

ይህን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ከሦስት ልዩ ልዩ እናቶች የተወለዱ ሦስት ግልገሎች አሉ እንበል። በተወለዱ ጊዜ የመጀመሪያዪቱ በደሟ 80፣ ሁለተኛዪቱ 640፣ ሦስተኛዪቱ 5120 ስፍር የመከላከያ ኃይል አላት። ክትባቱም የሚሠራው ኃይሉ ከ10 ስፍር በታች ሲወርድ ነው እንበል። እነዚህ ቁጥሮች ለሒሳቡ ምሳሌ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በየ10 ቀኑ በግማሽ ሲቀነስ፣ የመጀመሪያዪቱ በ30 ቀን፣ ሁለተኛዪቱ በ60 ቀን፣ ሦስተኛዪቱ በ90 ቀን ወደ 10 ስፍር ትደርሳለች። እንግዲህ በ8ኛው ሳምንት፣ ማለት በ56ኛው ቀን፣ ሦስቱም ቢከተቡ ክትባቱ የሚይዘው በመጀመሪያዪቱ ብቻ ነው። በ12ኛው ሳምንት፣ በ84ኛው ቀን፣ በሁለተኛዪቱ ይይዛል። በሦስተኛዪቱ የሚይዘው ግን በ16ኛው ሳምንት ነው። ከእናቷ ብዙ ኃይል ያገኘችው፣ ዕድለኛ የምትመስለው፣ ክትባቱ ዘግይቶ የሚሠራላት እርሷ ናት።

ሐኪሙ ግልገሏን አይቶ ከሦስቱ የትኛዪቱ እንደ ሆነች ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ መርፌው የሚደጋገመው የፊተኛው ስለ ደከመ ኃይሉን ለመጨመር አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ በትክክለኛው ጊዜ እንዲውል ነው። ደግሞም አንድ አስጊ ነገር አለ፤ ይኸውም የእናቲቱ ኃይል እውነተኛውን በሽታ ለመከላከል የማይበቃ፣ ክትባቱን ለማጥፋት ግን የሚበቃ የሚሆንባቸው ቀኖች መኖራቸው ነው። ከላይ የተናገርነው ግልገል በ11ኛው ሳምንት የሞተችው በእነዚህ ቀኖች መካከል በሽታው ስላገኛት ይሆናል። ስለዚህም ሦስተኛው መርፌ እስኪፈጸምና ከዚያም አንድ ሳምንት እስኪያልፍ ድረስ፣ ግልገልን ክትባቷ ካልታወቀ ድመት ጋር ማገናኘት አይገባም።

የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር ያወጣው መመሪያ፣ የመጀመሪያው ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት እንዲሆን፣ ከዚያም ግልገሏ 16 ሳምንት እስኪሞላት ወይም እስኪያልፋት ድረስ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እንዲደገም ያዛል። ይህን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ማስላት ቀላል ነው። ግልገሏ መስከረም 1 ቀን ብትወለድ፣ 8 ሳምንት የሚሞላት ጥቅምት 27 ቀን፣ 12 ሳምንት ኅዳር 25 ቀን፣ 16 ሳምንት ታኅሣሥ 23 ቀን ነው። የሳምንቱም ዕለት አይለወጥም፤ ማክሰኞ ከተወለደች ሦስቱም ቀኖች ማክሰኞ ይውላሉ። ከእነዚህ ሁሉ የማይታለፈው የታኅሣሥ 23ቱ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ቢሰጡና ይህ ቢቀር፣ ከእናቷ ብዙ ኃይል ያገኘችው ግልገል እንዳልተከተበች ሆና ልትቀር ትችላለች። ዕድሜዋ ከ16 ሳምንት አልፎ ወደ ቤት የመጣች ድመት ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት በሚሆን ልዩነት ሁለት መርፌ ይበቃታል።

ከዚህ በኋላ በ26ኛው ሳምንት፣ በምሳሌያችን መጋቢት 3 ቀን፣ አንድ ክትባት ይሰጣል። በ16ኛው ሳምንት እንኳ የእናታቸው ኃይል ያልለቀቃቸው ጥቂት ግልገሎች ስላሉ፣ ይህ መርፌ እነርሱን ለመያዝ ነው። ቀድሞ ይህ ክትባት ዓመት እስኪሞላ ይቆይ ነበር፤ አሁን ግን ያልተያዘች ግልገል ያለ ጥበቃ የምትቆይበት ጊዜ እንዲያጥር ወደ ስድስተኛው ወር ቀርቧል።

የኋለኞቹ ክትባቶች የሚሰጡት ጥበቃ ግን ለሁሉም በሽታ እኩል አይደለም። ፓንሊውኮፔኒያን በሚመለከት፣ ክትባቱ በደንብ ከያዘ ጥበቃው ብርቱና ለብዙ ዓመት የሚቆይ ስለ ሆነ፣ ከሦስት ዓመት በቶሎ መድገም አያስፈልግም። ሄርፒስና ካሊሲ ግን እንዲህ አይደሉም። የሄርፒስ ቫይረስ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ድመቲቱ ቤት ስትለውጥ፣ ስትወልድ ወይም ስትጨነቅ ደግሞ ይነሣል። ካሊሲ ደግሞ ብዙ ዓይነት ስላለው፣ ክትባቱ ሁሉንም እኩል አይመክትም። ስለዚህ የተከተበች ድመት ብታነጥስና ዓይኗ ቢያለቅስ ክትባቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ የክትባቱ ሥራ በሽታው እንዳይጠነክርባት፣ ምላሷ እንዳይቆስልና መብል እንዳትተው ማድረግ ነው። ብቻዋን በቤት ለምትኖር ድመት እነዚህም በየሦስት ዓመቱ ይበቃሉ፤ ከሌሎች ድመቶች ጋር ለምትውል ወይም ባለቤቷ ሲጓዝ በሌላ ስፍራ ለምትቀመጥ ግን በየዓመቱ መስጠት ይገባል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ድመቲቱን ብቻ ሳይሆን ቤተ ሰቡንም የሚጠብቅ ነው። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ አንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ልክ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ነው፤ ይህም በብልቃጡ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ይህን በሽታ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ፣ ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት፤ «ድመቷ ተከትባለች» ብሎ መቅረት አይገባም።

ክትባት በትክክለኛው ቀን ተሰጥቶም ሊበላሽ ይችላል። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚሆን ብርድ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶም እንዲሁ። ደረቁ ዱቄት በውሃው ከተበጠበጠ በኋላ ወዲያው መሰጠት አለበት። ግልገሏ ትንሽ ናት ተብሎም መጠኑ በግማሽ አይቀነስም፤ ሰውነቷን የሚያስተምረው የመድኃኒቱ ሙሉ መጠን ነውና። ትኩሳት ያላት ግልገል እስክትድን ትቆይ፤ ያረገዘች ድመትም ሕያው ቫይረስ ባለበት ክትባት አትከተብ፤ በማኅፀኗ ያሉትን ግልገሎች አንጎል ሊጎዳ ይችላልና።

ከመርፌው በኋላ ግልገሏ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብትተኛና መብል ብትቀንስ አያስፈራም። ፊቷ ቢያብጥ፣ ደጋግማ ብታስመልስ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራት ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪሙ ትመለስ። በተወጋችበት ስፍራ ትንሽ እብጠት ቢታይ ቀኑን መጻፍ መልካም ነው፤ ከሦስት ወር በላይ ቢቆይ፣ ከ2 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ፣ ወይም ከአንድ ወር በኋላ እያደገ ቢሄድ ሐኪም ሊመረምረው ይገባል።

በመጨረሻም በፓንሊውኮፔኒያ ግልገል የሞተበት ቤት አንድ ነገር ይወቅ። ይህ ቫይረስ በወለልና በጨርቅ ላይ እስከ አንድ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። ስፍራው አስቀድሞ ከቆሻሻ ታጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፍሰስበት፤ 10 ደቂቃም ቆይቶ ይታጠብ። የማይታጠበው መኝታዋ ይቃጠል። እንዲህም ከተደረገ በኋላ፣ ወደዚያ ቤት የምትገባው አዲሲቱ ድመት ክትባቷን አስቀድማ የፈጸመች ትሁን።